«ፈቃድ አለው» ተብላችሁ ከተመለሳችሁ

«ጎረቤታችን ግቢው ውስጥ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ከፈተ። ቀን ግራይንደር፣ ማታ የቀለም ሽታ። የሁለት ዓመት ልጄ መተኛት አልቻለችም። ወረዳ ብሄድ ‹ፈቃድ አለው› ብለው መለሱኝ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ የእኔም ጎረቤት እንዲሁ ብረት መሥሪያ ከፍቶ፣ ያቺን መልስ ሰምቼ ተስፋ ቆርጬ ተመልሼ ነበር። ግን የንግድ ፈቃድ ሰውየው እንዲሠራ እንጂ ጎረቤቱን እንዲያውክ አይፈቅድለትም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለይዞታው ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት እንዳያመጣ ይከለክላል። ልኩ ሲመዘን የአካባቢው ልማድና የቦታው ሁኔታ ይታያል። ጋራዥ በሞላበት ሰፈር የሚታለፍ ድምፅ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ ላይታለፍ ይችላል። ስለዚህ ሥራሽ ከልክ ማለፉን ማሳየት ነው።

እኔን ያዳነኝ አንድ ደብተር ነው። ለአንድ ወር ቀኑን፣ ግራይንደሩ የተነሳበትንና የቆመበትን ሰዓት፣ ቀለም የተረጨበትን ምሽት ጻፍኩ። መስኮቱን ዘግቼ በስልኬ ቪዲዮም ቀረጽኩ። የስልክ የድምፅ መለኪያ ለራስሽ ግምት ይሆንሻል፣ ለማስረጃ ግን አትመኪበት።

ከዚያ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አመልክቺ። በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ለማመልከት የግል ጥቅሜ ተነክቷል ብለሽ ማስረዳት እንኳ አይጠበቅብሽም። ማመልከቻው ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር ቅጂሽ ላይ አስጽፊ። በ30 ቀን ውሳኔ ካልሰጡሽ ወይም ውሳኔው ካላረካሽ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችያለሽ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከወረቀትሽ ነው፤ በቃል ነግረሽ ከተመለስሽ ግን ከምንም አይቆጠርም።

መሥሪያ ቤቱ ለእኔ ያደረገው የመጀመሪያው የድምፅ ልኬት ከሸፈ። ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ባለቤቱ ጋር ተደውሎ ኖሮ፣ በዚያ ጠዋት ግራይንደር አልተነካም። «ችግር አልታየም» ተብሎ ተጻፈ። እንባዬ መጣ። ሁለተኛውን ማመልከቻ ስጽፍ ከደብተሬ ላይ «ብረት የሚቆረጠው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ነው» ብዬ አስገባሁ፤ ሳይነገር እንዲለካም ጠየቅሁ። 4 ሰዓት ላይ መጡ። መኝታ ቤቴ መስኮት ላይ 72 ዴሲቤል ወጣ። ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ነው። ማሽኑ ቆሞም እንዲለኩልኝ ለመንኩ፤ 52 ሆነ። ይህችን ሁለተኛ ቁጥር እንዳትረሺያት። ጎረቤትሽ «የመኪና ድምፅ ነው» ሲል መልሱ እሷ ናት።

ሪፖርቱን ይዤ የሁከት ይወገድልኝ ክስ መሠረትኩ። መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ነው፤ ሁከቱ እንዲቆም፣ ለደረሰው ጉዳትም ካሳ እንዲከፈል ያስጠይቃል። ግን ሁከቱ ከተጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልከሰስሽ በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ» እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ አባክኜ ነበርና ይህን ስጽፍልሽ አሁንም ልቤ ይመታል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ከመዝገብ ቤት አስቀድመሽ አጣሪ።

ክሱ ላይ «ድርጅቱ ይዘጋልኝ» ብቻ አትበይ። ሰውየው ሠራተኞች አሉት፣ ዳኛም እንጀራ መዝጋት ይከብደዋል። እኔ ዝርዝር ጠየቅሁ። ብረት መቁረጡና መሞረዱ ከአጥሬ ርቆ፣ ጣሪያ ባለው የብሎኬት ክፍል ውስጥ እንዲሆን። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላና እሑድ ማሽን እንዳይነሳ። ቀለም የሚረጨው በዝግ ክፍል ሆኖ፣ አየሩ በማራገቢያ ከጣሪያ በላይ በወጣ ቱቦ እንዲወጣ። መጀመሪያ ላይ ሰውየው አጥሩን በቆርቆሮ ከፍ አድርጎ «ጨርሻለሁ» ብሎ ነበር። ቆርቆሮ ስስ ስለሆነ ድምፁ ያልፈዋል፣ ራሱም ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ቤት ምንም ለውጥ አልነበረም።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ እርቅ ጠየቀ። ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ቢመጣም ስምምነቱ በፍርድ ቤት እንዲመዘገብ አጥብቄ ያዝኩ። ተመዝግቦ ከጸደቀ እንደ ፍርድ ይፈጸማል፤ ቢጥሰው አፈጻጸም እጠይቃለሁ እንጂ ክሱን ከዜሮ አልጀምርም። ክፍሉን በሁለት ወር ሠራ። ቁረጣው አሁንም ይሰማል፣ ግን መስኮት ሲዘጋ ልጆቼ ይተኛሉ። የቀለሙ ቱቦ መጀመሪያ ወደኛ ዞሮ ነበርና ስምምነቱን አሳይቼው በማግስቱ አዞረው። አንቺም «ከጣሪያ በላይ» ካልሽ በኋላ አፉ ወደየት እንደሚዞር አብረሽ አስጽፊ።