ብዙ ጉዳይ፣ አንድ ቀን፦ ከየትኛው ልጀምር?

አዲስ አበባ ውስጥ ለድርጅቶች ጉዳይ በማስፈጸም ነው የምተዳደረው። ሰነድ አደርሳለሁ፣ ፊርማ አስፈርማለሁ፣ ዕቃ ገዝቼ አመጣለሁ። የሄዱበትን መንገድ መልሶ መሄድ የሚበላውን ጊዜ በደንብ አውቀዋለሁ። ዛሬ ጥያቄያችሁን አምጡ። የምጠቅሳቸው ደቂቃዎች ግምት ናቸው፤ በራሳችሁ መንገድ ልክ ቀይሯቸው።

ከሲኤምሲ፦ ወንድም፣ ሐሙስ አራት ጉዳይ አለብኝ። አራት ኪሎ ማተሚያ ቤት የሰርግ ጥሪ ካርድ እቀበላለሁ። ካርዱን ቦሌ አክስቴ ጋ አደርሳለሁ። መርካቶ የመጋረጃ ጨርቅ እገዛለሁ። ሜክሲኮ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አወጣለሁ። በታክሲ ነኝ። እንዴት ላድርገው?

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ቦታዎቹን በሐሳብሽ ካርታ ላይ ደርድሪያቸው። መገናኛን አልፈሽ ወደ ምዕራብ አራት ኪሎ፣ ከዚያ መርካቶ፣ ወደ ደቡብ ወርደሽ ሜክሲኮ፣ ወደ ምሥራቅ ቦሌ፣ በመገናኛ በኩል ቤት። ቆንጆ ክብ ነው። ክቡን በየትኛውም በኩል ብትዞሪው ርዝመቱ ብዙ አይለያይም። አቅጣጫውን የሚወስንልሽ ካርዱ ነው። ካርዱን ሳትቀበዪ ለአክስትሽ ማድረስ ስለማትችዪ አራት ኪሎ ከቦሌ ይቀድማል።

አሁን ሰዓቱን እንይ። ጠዋት 2፡00 ከቤት ብትወጪ አራት ኪሎ 3፡00 ትደርሻለሽ፣ 3፡30 ትጨርሻለሽ። መርካቶ 25 ደቂቃ ነው እንበል። ጨርቅ መርጦ፣ ተከራክሮ፣ አስለክቶ መውጣት ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። 5፡55 ሆነ። ሜክሲኮ በ20 ደቂቃ 6፡15 ትደርሻለሽ። መሥሪያ ቤቱ 6፡30 ለምሳ ይዘጋል። በሩብ ሰዓት ደብዳቤ አይወጣም፤ ስለዚህ እስከ 7፡30 ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ደብዳቤው አንድ ሰዓት ከፈጀ 8፡30 ትወጪና ቦሌ 9፡00 ትደርሻለሽ።

እኔ ብሆን ክቡን ትንሽ አበላሸዋለሁ። ከአራት ኪሎ ቀጥታ ወደ ሜክሲኮ ውረጂ። 3፡55 ትደርሻለሽ፣ 4፡55 ትጨርሻለሽ። ከዚያ ወደ መርካቶ ውጪ፤ ከ5፡15 እስከ 7፡15 ጨርቅሽን ግዢ። ከመርካቶ ቦሌ 50 ደቂቃ ቢፈጅ 8፡05 አክስትሽ ቤት ነሽ። መንገዱ በ20 ደቂቃ ረዝሟል፤ የምሳ ሰዓቱ ጥበቃ ግን ቀርቶልሻል። በጠቅላላው 55 ደቂቃ ታተርፊያለሽ። መርካቶ ምሳ ሰዓት ላይም ይሸጣል፣ መሥሪያ ቤቱ ግን አይከፍትም። ስለዚህ መጀመሪያ ክቡን ሥሪ፣ ቀጥሎ በሰዓት የሚዘጋው ጉዳይ ሲጋጭብሽ ብቻ አፍርሺው።

ከኡራኤል፦ ይህ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? ሁልጊዜ ቅርብ ያለውን እየጨረሱ መሄድ ነው።

ሁለትና ሦስት ጉዳይ በአንድ ሰፈር ሲሆን ልክ ነህ፣ እኔም እንደዚያ አደርጋለሁ። ግን በራስህ ሰፈር እንሞክረው። ሃያ ሁለት፣ ስታዲየምና ጉርድ ሾላ ጉዳይ አለህ እንበል። ከኡራኤል የሚቀርብህ ሃያ ሁለት ነው፣ እዚያ ሄድክ። ከሃያ ሁለት ደግሞ ከጉርድ ሾላ ይልቅ ስታዲየም ይቀርባል፣ ስለዚህ ኡራኤልን አልፈህ ወደ ኋላ ተመለስክ። ከስታዲየም የቀረህ ጉርድ ሾላ ነው፤ ኡራኤልንም ሃያ ሁለትንም እንደገና አልፈህ ሄድክ። ከዚያ ደግሞ ወደ ቤት። ሃያ ሁለት ስትደርስ ወደ ፊት ቀጥለህ ጉርድ ሾላን ብትጨርስ፣ ከዚያ ስታዲየም ሄደህ ብትመለስ በኡራኤልና በሃያ ሁለት መካከል ያለውን መንገድ አራት ጊዜ መሄድህ ቀርቶ ሁለት ጊዜ ብቻ ትሄደዋለህ። ቅርቡን መከተል ሩቁን ለመጨረሻ ያስቀርብሃል። የሚደርስብህም ደክሞህ፣ የታክሲ ሰልፉም በረዘመበት ሰዓት ነው።

ከአያት፦ እኔ በባቡር ነው የምሄደው። መገናኛ፣ ኡራኤልና ሜክሲኮ ጉዳይ አለኝ። መስመሩ ቀጥ ያለ ስለሆነ ክብ አልሆነልኝም፤ መመለሴ የግድ ነው።

መመለስህ አይጎዳህም። ክብ አትፈልግለት። ሜክሲኮ ደርሰህ መመለስህ ካልቀረ መገናኛንም ኡራኤልንም ሁለት ሁለት ጊዜ ታልፋቸዋለህ። ስትሄድም ብትወርድ ስትመለስም ብትወርድ ርቀቱ ያው ነው። እንግዲህ የሚወስነው ሌላ ነገር ነው። ሰዓት ያለበትንና ባዶ እጅህን የምትጨርሰውን ስትሄድ፣ ሸክም ያለበትን ስትመለስ አድርገው። የሚያስከስርህ ሜክሲኮ ሳትደርስ ከመሃል ዞረህ እንደገና መውጣት ነው።

ከአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቅዳሜ ቤቴስዳ፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ዊተንና ታኮማ ፓርክ መሄድ ነበረብኝ። ጉግል ማፕ ላይ ሁሉንም አስገብቼ ብነዳ አሽከረከረኝ። ስልኩ አያውቅም ማለት ነው?

ስልኩ ያንተን ቅደም ተከተል ነው የሚከተለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻለውን መንገድ ይነግርሃል እንጂ ቦታዎቹን አያደራጅልህም፤ በጣትህ ጎትተህ የምታስተካክለው አንተ ነህ። ሁሉንም ካስገባህ በኋላ ካርታውን አሳንሰህ መስመሩን እየው። ራሱን የሚያቋርጥበት ቦታ ካለ ቅደም ተከተሉ ተበላሽቷል። ያንተን ብናየው ከቤቴስዳ ወደ ኮሌጅ ፓርክ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን መስመር፣ ከዊተን ወደ ታኮማ ፓርክ የሚወርደው ይቆርጠዋል። መሃል ያሉትን ሁለቱን ገልብጣቸው፦ ቤቴስዳ፣ ዊተን፣ ኮሌጅ ፓርክ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ቤት። መቋረጡ ይጠፋል፣ መንገዱም ያጥራል። በአውቶቡስና በባቡር ስትፈልግ ግን ብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ አያስገባልህም፤ ያኔ በወረቀት ነው።

ከሳሪስ፦ ለሲኤምሲዋ እህታችን የተሰጠው ምክር አልተመቸኝም። ጨርቅ ተሸክማ አክስቷ ቤት? መርካቶ መጨረሻ ይሁን፣ ከዚያ ቀጥታ ቤቷ ትግባ።

የሸክሙ ነገር እውነት ነው። ግን ከቦሌ መርካቶ፣ ከመርካቶ ሲኤምሲ ማለት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ ማቋረጥ ነው። አክስቷ ጋ ምሳ በልታ ከቆየች ደግሞ የኋለኛው ሠራተኛው ሁሉ ወደ መገናኛ በሚጎርፍበት 11 ሰዓት ላይ ይወድቃል። ጨርቁ ለአንድ መስኮት ከሆነ የእኔን ትከተል። ለሙሉ ቤት ከሆነ መርካቶን ለብቻው ቅዳሜ ብታደርገው ይሻላል ባይ ነኝ። አንተ የመኪና ክራይ ብትጨምርበት ያንተም ያስኬዳል።

ከአዳማ፦ እኔም ሜክሲኮ ደብዳቤ የማወጣው አለኝ፣ የምመጣው ግን አርብ ነው። የትኛው ቢሮ ነው?

የእርስዎ ጉዳይ የትኛው ቢሮ እንደሆነ አላውቅም፤ የእህታችንም ስሙ አልተጠቀሰም። አርብ ከመጡ ግን ይህን ይያዙ፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አርብ ለምሳ የሚወጣው 5፡30 ነው፣ የሚመለሰው 7፡30። ጠዋቱ በአንድ ሰዓት ያጥርብዎታል። ከአዳማ መጥተው ሌላ ነገር አያስቀድሙ፤ ሜክሲኮን መጀመሪያ ያድርጉት።

ከሲኤምሲ፦ አመሰግናለሁ። ግን ሜክሲኮ ጠዋት «ፈራሚው የለም፣ ከሰዓት ተመለሺ» ቢሉኝስ?

በጠዋት መሄድሽ ለዚያም ይጠቅማል። ማመልከቻሽን አስገቢና መርካቶ ሂጂ። ከመርካቶ ወደ ቦሌ ስትሄጂ በሜክሲኮ ማለፍሽ አይቀርም። 7፡15 ከተነሳሽ 7፡35 ገደማ በራቸው ላይ ነሽ። ፈራሚው ከምሳ ከተመለሰ ተቀብለሽ ቦሌ ትቀጥያለሽ። ከመርካቶ ስትነሺ ግን ቦሌ የሚል ቀጥታ ታክሲ ብታገኚም እንዳትገቢ፤ ሜክሲኮ ወርደሽ እንደገና መሳፈርሽ ነው።