38 ኖርማል ያልሆነበት ምክንያት፦ ኤቢጂ በቅደም ተከተል

ጥያቄ፦ "ኤቢጂ ላይ ሁሌ እሳሳታለሁ። pH 7.08፣ PCO2 38፣ HCO3 11 ተሰጥቶ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ብቻ ብዬ ሞላሁ፣ መልሱ ግን ሚክስድ ነው ይላል። PCO2 ከ35 እስከ 45 ኖርማል አይደል እንዴ? በስቴፕ የሚያስረዳኝ ካለ በናታችሁ።"

እህቴ፣ 38ን ለብቻው ስላየሽው ነው። ከ35 እስከ 45 የሚባለው ኖርማል ሌላው ነገሩ ሁሉ ደህና ለሆነ ሰው የተጻፈ ነው። ባይካርቡ 11 የገባ ሰው ግን ሳንባው 38 ላይ ቁጭ ማለት አይችልም፣ በፍጥነትና በጥልቀት እየተነፈሰ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ማራገፍና ወደ 20ዎቹ ማውረድ ነበረበት። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁጥር ስታዪ "ይሄ ሰው አሁን ባለበት ሁኔታ ይሄ ቁጥር ስንት መሆን ነበረበት?" ብለሽ ጠይቂ። እኔ ሜዲካል ዋርድ ውስጥ ስሠራ ይሄን የተማርኩት በታማሚ ነው፣ እሱን ወደ ታች እነግርሻለሁ፣ አሁን የራስሽን ጥያቄ ይዘን በቅደም ተከተል እንሂድ።

መጀመሪያ ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ? በዚች ነው የማየው፦

```
H = 24 × PCO2 / HCO3
```

ያንቺ 24 × 38 / 11 ሲሆን ወደ 83 ይመጣል። H የሃይድሮጅን አዮን መጠን ነው። ፒኤች 7.40 ማለት H 40 ነው፣ 7.30 ወደ 50፣ 7.20 ወደ 63፣ 7.10 ወደ 79፣ 7.00 ደግሞ 100። እነዚህን አምስቱን በቃልሽ ያዢ። 83 ከ79 ትንሽ ከፍ ስለሚል 7.08 ልክ ነው፣ የጥያቄው ቁጥሮች ይስማማሉ። ዋርድ ላይ የማይስማማ ሲገጥመኝ ብዙውን ጊዜ ሰው በእጅ ሲገለብጥ ተሳስቷል፣ ወይ ባይካርቡን ከጠዋቱ የኬሚስትሪ ውጤት አምጥቶ ከማታው ኤቢጂ ጋር አጋጥሞታል። አንድ ነገር ግን እወቂ፣ ማሽኑ ባይካርቡን የሚያወጣው ራሱ ከለካው ፒኤችና ፒሲኦቱ አስልቶ ስለሆነ ማሽኑ ካተመው ወረቀት ላይ ሦስቱ ሁሌ ይስማማሉ፣ ደሙ ራሱ ቢበላሽም ይስማማሉ። ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ከቀረ ወይም ናሙናው ሳይመረመር ብዙ ከቆየ ፎርሙላው አይነግርሽም፣ ሴሎቹ ሲሪንጅ ውስጥም ሥራቸውን ስለማያቆሙ የቆየ ደም ላይ ፒኤቹ ይወርዳል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይጨምራል። ስለዚህ መቼ ተቀዳ መቼ ተመረመረ ብሎ መጠየቅ የስሌቱ አካል ነው።

ቀጥሎ ፒኤቹ። ኖርማሉ ከ7.35 እስከ 7.45 ነው፣ 7.08 ከባድ አሲድ ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም።

ከዛ ማን ነው ወደዚህ የጎተተው? ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሲድ ነው፣ ከፍ ካለ ፒኤቹን ያወርዳል። ባይካርብ ቤዝ ነው፣ ዝቅ ካለ ፒኤቹን ያወርዳል። ባይካርቡ ከ24 ወደ 11 ወርዷል፣ ያ ፒኤቹን ወደ አሲድ ጎትቶታል፣ ስለዚህ ዋናው ችግር ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ነው። እስከዚህ አንቺም ትክክል ነሽ፣ ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚህ ነው።

አሁን ያመለጠሽ ስቴፕ። ዋናው ችግር ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ከሆነ ሳንባ ምን ያህል ማገዝ እንዳለበት የሚነግረን ዊንተርስ ፎርሙላ አለ፦

```
PCO2 = 1.5 × HCO3 + 8  (± 2)
1.5 × 11 + 8 = 24.5   →  22.5 – 26.5
```

የሚጠበቀው ከ22.5 እስከ 26.5 ነው፣ የተገኘው 38። ከሚጠበቀው በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታፍኖ ቀርቷል ማለት ነው፣ ስሙ ሪስፓይራቶሪ አሲዶሲስ ነው፣ ቁጥሩ "ኖርማል" የሚባለው ውስጥ ቢወድቅም። ሁለት አሲዶሲስ ተደራርበዋል፣ ሚክስድ ያሉት ለዚህ ነው። 24 ቢሆን ኖሮ ያንቺ መልስ ልክ ይሆን ነበር፣ ሳንባው ሥራውን እየሠራ ነው። 16 ቢሆን ደግሞ ሰውየው ከሚገባው በላይ እየተነፈሰ ነው፣ ሪስፓይራቶሪ አልካሎሲስ ተጨምሯል፣ አስፕሪን ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ወይም ሴፕሲስ ያለበት ላይ የሚታየው እንደዚህ ነው።

ታማሚዋን ልንገርሽ። ወጣት ልጅ ናት፣ ዲኬኤ ይዛ ነው የገባችው፣ ማታ ስትገባ በደቂቃ 36 ጊዜ ነበር የምትተነፍሰው፣ ያ ጥልቅ የኩስማል ትንፋሽ፣ ደረቷ ሁሉ ሲነሳ ከሩቅ ይታያል። ፍሉይድና ኢንሱሊን ተጀመረላት። ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ ስዞር ትንፋሿ 18 ሆኗል፣ አስታማሚ እናቷ "ተመስገን ልጄ ተኛችልኝ" አሉኝ፣ እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ቻርቱ ላይ ተሽሏታል ብዬ ልጽፍ ነበር። ቀና ሳደርጋት አንገቷን መያዝ አቃታት። ደም ቀዳን፣ ያንቺን ጥያቄ የሚመስል ውጤት መጣ፣ ባይካርቡ እንደተቀበረ ነው፣ ፒሲኦቱ ግን ወደ "ኖርማል" ተመልሷል። ያን የመሰለ ትንፋሽ ለሰዓታት ይዛ ቆይታ ጡንቻዋ ደከመ። ፖታሺየሟ 2.3 ብቻ ነበር። ኢንሱሊን ፖታሺየምን ወደ ሴል ውስጥ ስለሚያስገባ፣ ስትገባም በሽንትና በትውከት ብዙ ስላጣች፣ የመተንፈሻ ጡንቻዋም አብሮ ዛለ። ሲኒየሯ ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ኢንሱሊኑን ማስቆምና ፖታሺየም ማስጀመር ነበር፣ ወዲያው አይሲዩ አስገባናት። ተረፈች። ከዛ ወዲህ ዲኬኤ ላይ ትንፋሽ ቀነሰ ሲሉኝ ባይካርቡስ ጨመረ ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው፣ ባይካርቡ ሳይጨምር የተረጋጋ ትንፋሽ መልካም ዜና አይደለም።

ዋናው ችግር ከሳንባው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፣ ባይካርቡ ስንት መሆን ነበረበት ነው የምትዪው። ፒሲኦቱ ከ40 በላይ በ10 በጨመረ ቁጥር ነገሩ ድንገተኛ ከሆነ ባይካርብ በ1 ገደማ ይጨምራል፣ የቆየ ከሆነ በ4 ገደማ። ሲወርድ ደግሞ በየ10ሩ ድንገተኛው ላይ በ2፣ የቆየው ላይ ከ4 እስከ 5 ይቀንሳል። ልዩነቱ ኩላሊት ሥራውን ለመጨረስ ከ3 እስከ 5 ቀን ስለሚፈልግ ነው፣ ስለዚህ ድንገተኛ ነው ወይስ የቆየ የሚለውን ከወረቀቱ ሳይሆን ከታማሚው ታሪክ ነው የምታመጪው፣ ለዓመታት የሚያስለው ሰውዬ ነው ወይስ ዛሬ መድኃኒት ጠጥቶ የተኛ።

የመጨረሻው ስቴፕ አንየን ጋፕ ነው፣ እሱን ፒኤቹ ምንም ይሁን ምን አስዪው።

```
AG = Na - (Cl + HCO3)
```

ከ8 እስከ 12 ይጠበቃል። አልቡሚኑ ዝቅ ያለ ሰው ላይ ግን ጋፑ ራሱ ዝቅ ብሎ ይጀምራል፣ አልቡሚን ከ4 በታች በ1 ግራም በወረደ ቁጥር 2.5 ጨምሪበት። በምግብ እጥረት የተጎዳ፣ ጉበቱ የታመመ ወይም በሽንቱ ፕሮቲን የሚያጣ ሰው ላይ ይሄን ከረሳሽ አልቡሚኑ 2 የሆነ ሰው ጋፕ 11 ይልሽና ደህና ነው ብለሽ ታልፊያለሽ፣ እውነተኛው 16 ሆኖ ሳለ።

ለምን ሁሌ እንደሚሰላ አንድ ምሳሌ ብቻ። ፒኤች 7.40፣ ፒሲኦቱ 40፣ ባይካርብ 24፣ ሶዲየም 145፣ ክሎራይድ 95። ኤቢጂውን ብቻ ያየ ሰው ጤነኛ ነው ይላል። ጋፑ ግን 145 − 119 = 26 ነው። ከ12 በላይ 14 ትርፍ አለ፣ ያ ትርፍ አሲድ ነው፣ ባይካርብ በልቷል ማለት ነው። የተበላውን 14 መልሺለት፣ 24 + 14 = 38። አሲዱ ባይኖር ኖሮ የዚህ ሰው ባይካርብ 38 አካባቢ ነበር፣ ያ ደግሞ ሜታቦሊክ አልካሎሲስ ነው። ኩላሊቱ ደክሞ አሲድ የተጠራቀመበትና ለቀናት ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰው እንዲህ ይመጣል፣ ሁለቱ ችግሮች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ እየጎተቱ ፒኤቹን መሃል ላይ አቁመውታል። ትርፉን መልሰሽ 24 አካባቢ ከመጣ ሌላ የተደበቀ የለም፣ ከ24 በጣም ካነሰ ደግሞ ጋፕ የማያሳድግ ሌላ አሲዶሲስ አብሮ አለ፣ ለምሳሌ ተቅማጥ። ቁጥሩ ግምት ስለሆነ ለ2 ለ3 ልዩነት አትጨነቂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፈተና ላይ 40ን ያዢ፣ ግን አዲስ አበባ ላይ የምትሠሪ ከሆነ ከተማዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች ሰው የአየሩን መሳሳት ለማካካስ ትንሽ አብዝቶ ስለሚተነፍስ ፒሲኦቱ ከመጽሐፉ ዝቅ ብሎ ቢመጣ አትደንግጪ፣ በተቃራኒው ቆላ ላይ ደህና የሚመስል 44 ደጋ ላይ ቆም ብሎ ማየት ይፈልጋል።

ጥያቄሽ ላይ ሶዲየምና ክሎራይድ አልጻፍሽም፣ ከተሰጠ እዚሁ ለጥፊው፣ ጋፑን አስልተሽ የሚጠበቀውን ባይካርብ ጻፊና አየዋለሁ።