የደንበኛን ቃል ከመለጠፋችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ በርጩማ እያስጠረበ በቴሌግራም የሚሸጥ ልጅ ነው። ድሬዳዋ ያለች ደንበኛው መልእክትና ፎቶ ልካለታለች። "እትዬ፣ ቻናሌ ላይ ልለጥፈው ነው፤ እስቲ እዪልኝ" አለኝ።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ "ወንድሜ፣ በርጩማው በጣም ያምራል። እማዬ ቡና ስታፈላ ከሱ ላይ አትነሳም። በሁለተኛው ወር ግን መቀመጫው ትንሽ ተሰነጠቀ። አንተ እንዳልከኝ ሰም ሞላሁበት፤ አሁን ደህና ነው።" ፎቶው ላይ እናትየዋ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ቡና ይቀዳሉ። ጎናቸው አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አለች።

ልጁ ደስ ብሎት ሁሉንም አዘጋጅቶ ጨርሷል። የመሰንጠቁን ነገር ቆርጦ አውጥቶታል። የሴትየዋ ስም ስክሪንሾቱ ላይ እንዳለ ነው። ስልክ ቁጥሯን በስልኩ ማርከር ቀብቶ ሸፍኛለሁ ብሏል። ፎቶውም ሙሉው ገብቷል። ፈቃዷን ጠይቀሃል ወይ ስለው ግራ ገባው። "እሷ ራሷ ልካልኝ የለ?" አለኝ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ የእንጨት ዕቃ ሸጫለሁ፤ አንድ ጊዜ እኔም እንደዚህ ልጅ አስቤ ነበር። የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለተቆረጠው ዓረፍተ ነገር ላውራ። ከሩቅ የሚገዛ ሰው እንጨቱን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን አይሰማም። አንስቶ ክብደቱን አያይም። ስለዚህ ቀድሞ የገዛውን ሰው ይጠይቃል። የሚጠይቀው "አሪፍ ነው?" ብሎ አይደለም። "ቤት ከገባ በኋላ ምን ሆነ?" ነው ጥያቄው። "አሪፍ ዕቃ፣ ተባረኩ" የሚሉ ሃያ አስተያየቶች ለዚህ መልስ የላቸውም። የድሬዳዋዋ ሴት ግን መልሳዋለች።

በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረበው። ግንዱ በደንብ ካልደረቀ ውጩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ገና እርጥብ ነው። ውጩ ሲኮማተር ውስጡ አልከተልም ይላል፤ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የጅማ አየር እርጥብ ስለሆነ እዚህ ጸጥ ብሎ የተቀመጠ ዕቃ ድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ጉዱ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ገዢ በትንሽ ስንጥቅ አይደነግጥም። የማያውቅ ገዢ ግን ተታለልኩ ይላል። እና ያ ልጅ የቆረጠው የሚቀጥለውን ደንበኛ ከድንጋጤ የሚያድን ዓረፍተ ነገር ነበር። ከሥሩ ደግሞ "አሁን ግንዱን ረዘም ላለ ጊዜ ጥላ ውስጥ አድርቀን ነው የምንጠርበው" ብሎ መጻፍ ይችላል። እርግጥ እውነት ከሆነ ብቻ።

ሌላም ነገር አለ። "ተሰነጠቀ" የሚለው ከወጣ በኋላ የቀረው የሷ ቃል አይደለም። እሷ ጥሩውንም ጉድለቱንም ነው የተናገረችው። መልእክት ሲረዝም ማሳጠር ይቻላል፤ ያሳጠራችሁትን ግን መልሳችሁ ላኩላትና "ይህ ያልሽው ነው?" በሏት። ፊደል ከማረም ያለፈ ነገር ሁሉ ወደ ባለቤቱ ይመለስ።

አሁን ወደ ፎቶው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትስቱት፣ አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ ሁለት ባለቤት እንዳለው ነው። ያነሳው ሰው በሥራው ላይ መብት አለው፤ ይህ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው ሰው ደግሞ በመልኩ ላይ መብት አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ለታዋቂ ሰዎችና ለአደባባይ ጉዳዮች የተለየ ሁኔታ አለ። ቤታቸው ቁጭ ብለው ቡና የሚያፈሉ እናት ግን እዚያ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ደንበኛዋ "እሺ" ብትልም እናትየዋ ገና አልተጠየቁም። ለትንሿ ልጅ ደግሞ የሚፈቅዱት ወላጆቿ ናቸው፤ የጎረቤት ልጅ ከሆነች ደንበኛችሁ ልትፈቅድላችሁ አትችልም።

እኔ ይህን የተማርኩት በሕግ መጽሐፍ አይደለም። ድሮ ባነር የሚባል ነገር ሳይለመድ አንዲት ደንበኛ የአባቷን ፎቶ አመጣችልኝ። አባትየው ከኔ የተገዛው በርጩማ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ለምስጋና ነበር ያመጣችው። እኔ አስተልቄ አሳጠብኩትና ሱቄ በር ላይ ሰቀልኩት። ሰው እያየ ይገባ ነበር፤ ሽያጩም ጥሩ ነበር። ከወራት በኋላ ልጅቷ ጥቁር ለብሳ በሱቄ በር ስታልፍ ቆመች። አባቷን ቀብራ ብዙም አልቆየችም። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችኝም። "እትዬ፣ አባባን አውርጂልኝ" ብቻ ነው ያለችኝ። መሰላል ላይ ወጥቼ ሳወርድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፎቶውን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የማንንም ፊት ሰቅዬ አላውቅም።

ፈቃድ ስትጠይቁ ከሁሉ በላይ የምትጠነቀቁት ይሉኝታን ነው። የኛ ሰው ፊት ለፊት ሲጠየቅ እምቢ ማለት ይከብደዋል። ዕቃውን እየጠቀለላችሁ፣ ዋጋ እየቀነሳችሁ ወይም ቡና ጋብዛችሁ "ፎቶሽን ልጠቀም?" ካላችሁ "ምን ችግር አለው" ትላለች። ማታ ቤቷ ገብታ ግን ትጨነቃለች። ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ብቻዋን ሆና ታስብበት። እምቢ የምትልበትን በር እናንተው ክፈቱላት። መልስ ካልመጣ አልተፈቀደም ማለት ነው። አንዴ ማስታወስ ይበቃል።

ለዚያ ልጅ አብረን የጻፍነው ይህን ነው፦

"እህቴ፣ ስለ በርጩማው የጻፍሽልኝን ለሌሎች ገዢዎች ባሳይ ይጠቅማቸዋል። የምለጥፈው ከታች ያለውን ቃል ብቻ ነው፤ የመሰንጠቁም ነገር አለበት። የሚወጣው በቴሌግራም ቻናሌ ላይ ነው፤ ለአንድ ዓመት ይቆያል። ስምሽን ሙሉውን፣ በመጀመሪያ ፊደል ወይም 'የድሬዳዋ ደንበኛ' ብዬ ልጽፈው እችላለሁ፤ ምረጪልኝ። ፎቶውን የምጠቀመው አንቺም እማማም ከፈቀዳችሁ ነው። ክፍያ የለውም። ሐሳብሽን በፈለግሽ ጊዜ ብትቀይሪ ንገሪኝ፤ አወርደዋለሁ። ባይመችሽም ምንም አይደለም።"

ቦታውን ለይታችሁ መጥቀሳችሁ ትልቅ ነገር ነው። ለቴሌግራም የፈቀደ ሰው ለታተመ ባነር አልፈቀደም። ቻናል ላይ ያለውን በደቂቃ ታጠፉታላችሁ፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠውን ግን አትመልሱትም፣ ይህንንም ለደንበኛው ሳትደብቁ ንገሩት። አራት ሜትር ባነር ላይ የታተመ ፊት ደግሞ እስኪወርድ ድረስ ስንት ሰው ያየዋል። ፈቃድን ማንሳት መብቱ ነው፤ በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ፈቃዱን የሰጠ ሰው መልሶ ሊያነሳው እንደሚችል ይላል።

የተፈቀደውን ደብተር ላይ መዝግቡ። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቃልና ፎቶ፣ የት ለመለጠፍ፣ እስከ መቼ። የመልሱን ስክሪንሾትም አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል፤ የሰው ትዝታም ይለያያል።

ስለ ስክሪንሾት ካነሳን፣ ያ የማርከር ቀለም አይበቃም። አንዳንዱ ማርከር ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ ሰው ፎቶውን አድምቆ ቁጥሩን ሊያነበው ይችላል። ቁጥሩ ያለበትን ክፍል ቆርጣችሁ አውጡ፤ ወይም ቃሉን በንጹህ ጽሑፍ አዲስ ጻፉት። ዋናውን ማስረጃ እናንተ ጋ አስቀሩት።

ደንበኛ ራሱ በገጹ ላይ ለጥፎ ታግ ቢያደርጋችሁስ? ታግ ሰላምታ ነው፤ ፈቃድ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ከሆነ ሼር ማድረግ ይሻላል፤ እሱ ሲያጠፋው እናንተም ጋ ያለው አብሮ ይጠፋል። አውርዳችሁ በራሳችሁ ገጽ ላይ መለጠፍ ከፈለጋችሁ ግን በውስጥ መስመር ጠይቁት።

አስተያየት ራሱ ካልመጣ ጠይቃችሁ ታመጡታላችሁ። ግን ዕቃው በደረሰ ዕለት አትጠይቁ፤ ያን ቀን የምትሰሙት ደስታውን ነው። ለበርጩማ ሁለት ወር ጠብቁ። ማር የምትሸጡ ደግሞ እስኪረጋ ጠብቁ፤ ሲረጋ "ስኳር ገብቶበታል" ብሎ የተጠራጠረ ደንበኛ በኋላ የሚሰጠው ቃል ወርቅ ነው። ሦስት ነገር ጠይቁ። ከመግዛትህ በፊት ምን ያሰጋህ ነበር? አሁን ለምን ለምን ትጠቀምበታለህ? ጓደኛህ ሊገዛ ቢሆን ምን ብለህ ታስጠነቅቀዋለህ? ሦስተኛውን የምትፈሩት ከሆነ ዕቃውን አስተካክሉ።

መጻፍ የሚከብደው ሰው በድምፅ ይላክላችሁ። በኦሮምኛ የተናገረውን በኦሮምኛ ተዉት፤ አማርኛውን ከሥሩ ጻፉ። የሚያነብ ከሆነ ትርጉሙን ይየው፤ ካልሆነ በስልክ አንብቡለት። ለአስተያየቱ ቅናሽ ወይም ስጦታ ሰጥታችሁ ከሆነ ደግሞ እዚያው ጻፉት። የአክስታችሁ ልጅ ከሆነም እንደዚያው፤ ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፣ ዝምድና አይደበቅም።

ልጁ መልእክቱን ከኔ ቤት ሆኖ ላከ። መልሱ የመጣው በሁለተኛው ቀን ነው። ቃሉን እንዳለ ፈቀደች፤ ስሟ በመጀመሪያ ፊደል እንዲሆን መረጠች። እናቷ ግን ፊታቸው እንዲታይ አልፈለጉም። ከሥሩ አዲስ ፎቶ ነበር፤ በርጩማው፣ ረከቦቱ፣ ጀበና የያዘ እጅ፣ እና መቀመጫው ላይ በሰም የተሞላው ቀጭን መስመር። "እሱን በቅርበት ያነሳሁት ሰው እንዲያየው ነው" ብላ ጽፋለታለች።