የቆየ ደንበኛ ላይ ዋጋ ስትጨምሪ የአንዱን ፖስት ዋጋ ንኪ

ጥያቄ፦ «ለአንድ ካፌና ለአንድ ክሊኒክ የሶሻል ሚዲያ ፖስት በወር ክፍያ እሠራለሁ። ዋጋው ከሁለት ዓመት በፊት የተስማማነው ነው። ልጨምር ብል ጥለውኝ ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ። እናንተ እንዴት አደረጋችሁ?»

እህቴ፣ እኔ የጨመርኩት የወሩን ክፍያ ሳይሆን የአንዱን ፖስት ዋጋ ነው። እንዲህ ሲሆን ደንበኛው «ልቀጥል ወይስ ልተው» ሳይሆን «ስንት ልውሰድ» ብሎ ያስባል።

የእኔም ደንበኛ ካፌ ነበር፤ በወር 12 ፖስት በ6,000 ብር፣ ማስተካከያው ገደብ የለውም። ዋጋውን ከመንካቴ በፊት አንድ ወር ሙሉ የሠራሁበትን ሰዓት መዘገብኩ። ዲዛይኑ 18 ሰዓት ወሰደ፤ «ቀለሙን ሞቅ አድርጊው»፣ «ሎጎው ይተልቅ» የሚለው ደግሞ 12 ሰዓት። በሰዓት 200 ብር ማለት ነው፣ ያውም ኢንተርኔትና ሶፍትዌር ሳይቀነስ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የምንከፍለው ሶፍትዌር በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ግን ለደንበኛ አልነግርም። «ኑሮ ተወደደ» ስትዪው እሱም የስኳርና የዘይቱን ይነግርሻል፣ ወሬው ከሥራው ይወጣል።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለካፌው ባለቤት በቴሌግራም ይህን ጻፍኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከመስከረም 1 ጀምሮ የአንድ ፖስት ዋጋ 750 ብር ይሆናል። እንደ እስካሁኑ 12 ከሆነ 9,000 ብር ነው። በ6,000 መቀጠል ከፈለጉ 8 ፖስት እሠራለሁ። እያንዳንዱ ፖስት ሁለት ዙር ማስተካከያ አለው። የነሐሴው ሥራ በድሮው ዋጋ ያልቃል።»

ደውላ «ለእኛ እንኳን አትጨምሪ፣ የቆየን ደንበኞች ነን» አለችኝ። «ስለቆያችሁ ነው ቀድሜ የነገርኳችሁ፤ 8ቱን ይዘን እንየው» አልኳት። 8ቱን ወሰደች። ለገና ሲያንሳት ተጨማሪ በ750 አዘዘች። መጀመሪያ ስትደውል «እሺ ለእርስዎ 600» ብል ኖሮ 12ቱንም በ600 ትጠብቅ ነበር፤ ዋጋ የሚቀነስ ከሆነ ሥራውም አብሮ ይቀነስ።

ለሁሉም በአንዴ አትንገሪ። ብዙ ሰዓት እየወሰደ ትንሽ ከሚከፍልሽ ጀምሪ፤ እሱ ቢሄድ እንኳ ሰዓትሽ ይተርፍሻል። ክሊኒኩ በጀቱን ሐምሌ 1 የሚጀምር ከሆነ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ አሳውቂ። በጀት ከጸደቀ በኋላ ብትጠይቂ፣ መጨመር የሚፈልገው ሰውዬ ራሱ ገንዘቡ የለውም።

አንብቦ ዝም የሚል ደንበኛም አለ። ወሩ ሲገባ ምንም እንዳልተባለ ሥራ ይልካል። «8 ይሁን 12?» ብለሽ በጽሑፍ መልስ ሳታገኚ አትጀምሪ። የድሮው ዋጋ ሾልኮ የሚመለሰው ደግሞ በመጀመሪያው ወር ነው፤ 6,000 ከፍሎ 9ኛውን ይልክልሻል። ስለዚህ 8ኛውን ስታስረክቢ እዚያው ላይ «የዚህ ወር የመጨረሻው ነው፤ ተጨማሪ ካለ በ750 እቀጥላለሁ» ብለሽ ጻፊ።