የሰዓት ድምር፦ 38.27 ወይስ 39.12?

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ውስጥ በሰዓት 18 ዶላር እየተከፈለኝ እሠራለሁ። በዚህ ሳምንት በየቀኑ የሠራሁትን 7.52፣ 8.10፣ 7.40፣ 8.05 እና 7.20 ብዬ ጽፌ ስደምረው 38.27 መጣ፤ የተከፈለኝ ግን በ39.12 ነው። የቱ ነው ትክክል? 39.12 ማለትስ 39 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው?»

ትክክለኛው የአሠሪዎ ቁጥር ነው፤ ሆኖም 39.12 የሚያመለክተው 39 ሰዓት ከ7 ደቂቃን ነው። የሠራተኞችን ታይምሺት ስደምር ዓመታት ስላሳለፍሁ፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ከራስዎ ቁጥሮች ላይ ለማሳየት እሞክራለሁ።

7.52 ብለው የጻፉት 7 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ለማለት ይመስለኛል፤ ከነጥቡ በኋላ ካስቀመጧቸው ቁጥሮች መካከል ከ59 የሚበልጥ አንድም የለምና። ካልኩሌተር ግን ከነጥብ በኋላ ያለውን ከመቶ እንደተወሰደ ክፍልፋይ ስለሚቆጥር፣ ወደ ቀጣዩ ሰዓት የሚሸጋገረው 60 ሲሞላ ሳይሆን 100 ሲሞላ ነው። የእርስዎን ሰዓትና ደቂቃ ለየብቻ ብንደምር ሰዓቱ 37፣ ደቂቃው ደግሞ 52፣ 10፣ 40፣ 5 እና 20 ተደምሮ 127 ይሆናል። 127 ደቂቃ 2 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ስለሆነ ጠቅላላው 39 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው፤ ካልኩሌተሩ ግን 127ቱን 1.27 አድርጎ 38.27 ሰጠዎት። በ38.27 ተከፍሎዎት ቢሆን ኖሮ 15 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይጎድልብዎት ነበር።

ደቂቃን ወደ አስርዮሽ ለመለወጥ ለ60 ማካፈል፣ አስርዮሹን ወደ ደቂቃ ለመመለስ ደግሞ ከነጥብ በኋላ ያለውን ብቻ በ60 ማባዛት ነው። 7 ለ60 ሲካፈል 0.1166… ስለሚሆን ወደ 0.12 ይጠጋጋል፤ 0.12 በ60 ሲባዛ 7.2 ስለሚሆን ተመልሶ 7 ደቂቃ ይሰጣል።

ስለ ማጠጋጋት ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። 0.01 ሰዓት 36 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት አሃዝ ይዞ የተጻፈ አስርዮሽ የትኛውም ደቂቃ እንዳይጠፋ ይበቃል፤ ነገር ግን ሲመለስ ወደ ቅርቡ ደቂቃ መጠጋጋት አለበት እንጂ ትርፉ መቆረጥ የለበትም። 7 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 7.33 ተብሎ ይጻፋል፤ 0.33 በ60 ሲባዛ 19.8 ስለሚሆን፣ ትርፉን የሚቆርጥ ሰው 19 ብሎ አንዲት ደቂቃ ይበላል። አንድ አሃዝ ብቻ ከያዙ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ 6 ደቂቃ ነው፦ የእርስዎ አምስት ቀናት 7.9፣ 8.2፣ 7.7፣ 8.1 እና 7.3 ሆነው ድምራቸው 39.2፣ ማለትም 39 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይመጣል፤ ያልተሠራ 5 ደቂቃ ተጨመረ ማለት ነው። ሁለት አሃዝ ይዞም ቢሆን በየቀኑ እያጠጋጉ መደመር ስሕተቱን ያጠራቅማል፦ አምስቱንም ቀን 7 ሰዓት ከ20 የሠራ ሰው በ7.33 ቢደመርለት 36.65 ያገኛል፣ እውነተኛው 36 ሰዓት ከ40 ግን 36.67 ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደቂቃዎቹን ደምሮ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማካፈልና ማጠጋጋት ይሻላል።

በኤክሴል የሚሠሩ ከሆነ የየቀኑን ሰዓት በነጥብ ሳይሆን በሁለት ነጥብ፣ 7:52 ብለው ያስገቡ። የድምሩን ሴል ቅርጽ `[h]:mm` ካላደረጉት 24 ሰዓት በሞላ ቁጥር እንደ አዲስ ስለሚጀምር 39:07 መሆን የነበረበት 15:07 ሆኖ ይታያል። አስርዮሹን የሚሰጠው ቀመር ይህ ነው፤ የዚህ ሴል ቅርጽ ግን የሰዓት ሳይሆን የቁጥር (Number) ይሁን፦

```
=ROUND(SUM(B2:B6)*24,2)
```

አሠሪዎ የመግቢያና የመውጫ ሰዓትን ያጠጋጋ እንደሆነ መጠርጠርዎ ካልቀረ፣ ይህ ከላይ ካለው የተለየ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ወደ ቅርብ 5 ደቂቃ፣ 6 ደቂቃ ወይም ሩብ ሰዓት ማጠጋጋትን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በጊዜ ሂደት ሠራተኛው የሠራበት ሰዓት ሁሉ ሳይከፈለው እንዳይቀር ያስገድዳል፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ ማጠጋጋት አይቻልም። በሩብ ሰዓት የሚያጠጋጋ ድርጅት ድምሩ ምንጊዜም በ.00፣ በ.25፣ በ.50 ወይም በ.75 ያልቃል፤ በ6 ደቂቃ የሚያጠጋጋው ደግሞ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ይኖረዋል። በ5 ደቂቃ ቢሆን ለ39.12 ቅርብ የሆኑት 39.08 እና 39.17 ናቸው። የእርስዎ 39.12 ከእነዚህ ከአንዳቸውም ጋር ስለማይገጥም፣ ሰዓትዎ የተቆጠረው በደቂቃ ነው።