ከ80 በመቶ ወደ 73 የወረደው ኤፒክ

«የክፍያ አገልግሎት የምንሠራበት ኤፒክ 20 ታስኮች ነበሩት። 16ቱ ስለተዘጉ ጂራ ላይ 80 በመቶ የሚል አይቼ ለሥራ አስኪያጄ እንደዚያው አሳወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም፤ ሁለት ታስኮች ስንጨምርበት ደግሞ ጭራሽ ወደ 73 ወረደ። ስሌቱን የት ላይ ላስተካክል?»

ስሌቱ አልተሳሳተም፤ 16 ለ22 ሲካፈል 73 በመቶ ገደማ ነው። ችግሩ ቁጥሩ የሚለካው የተዘጉ ታስኮችን ብዛት እንጂ የተሠራውን ሥራ አለመሆኑ ላይ ነው። በብዛት ብቻ ሲደመር የአንድ ቁልፍ ጽሑፍ መቀየርም፣ የእያንዳንዱን ቀን ክፍያ ከባንኩ መዝገብ ጋር ማስታረቅም እኩል አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ቡድኖች ቀላሉንና ግልጹን አስቀድመው ስለሚዘጉ፣ እንዲህ ያለው መቶኛ መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወጣና ከባዱ ሥራ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

እያንዳንዱ ታስክ በስቶሪ ፖይንት ተገምቷል እንበል። የተዘጉት 16ቱ በድምሩ 24፣ የቀሩት አራቱ 26፣ የተጨመሩት ሁለቱ 10 ፖይንት ቢሆኑ፣ ከ60 ያለቀው 24 ስለሆነ ኤፒኩ ገና 40 በመቶ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ ደግሞ «ተዘጋ» የሚለውን በቅርብ መመርመር ይገባል። ጂራ ሥራው ተሠርቶ የተዘጋውንም፣ «አያስፈልግም» ተብሎ የተዘጋውንም በአንድ የሁኔታ ምድብ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የትኞቹ እንደሆኑ ለማየት የኤፒኩን ቁጥር ተክተው ይህን ይፈልጉ፤ የመጨረሻው ቃል በእርስዎ ቡድን አሰያየም ሊለይ ይችላል።

```
parent = PAY-40 AND resolution = "Won't Do"
```

ሦስት ታስኮች፣ በድምሩ 4 ፖይንት፣ በዚህ ፍለጋ ቢወጡ ካለቀውም ከጠቅላላውም ድምር ይቀነሳሉ፤ ያኔ 20 ለ56፣ ማለትም 36 በመቶ ይሆናል። ግምት ያልተሰጣቸው ታስኮች ካሉም አስቀድመው ያስገምቱ፤ ባዶ ግምት በድምሩ ውስጥ ዜሮ ስለሚሆን፣ ያልተገመተ ከባድ ሥራ ከስሌቱ ፈጽሞ ይሰወራል።

በኤፒኩ ውስጥ ስቶሪዎች፣ በእነሱም ሥር ንዑስ ታስኮች ካሉና ድምሩን በራስዎ ሠንጠረዥ የሚሠሩ ከሆነ፣ የመቶኛዎችን አማካይ አይውሰዱ። ሁለት ንዑስ ታስኮች ብቻ ኖረውት ሁለቱም ያለቁለት ስቶሪ 100 በመቶ ነው፤ አሥር ኖረውት ሁለቱ ብቻ ያለቁለት ደግሞ 20 በመቶ ነው። አማካያቸው 60 ይላል፤ በእውነቱ ግን ያለቀው ከ12ቱ አራቱ፣ ማለትም 33 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ላይ መውጣት ያለባቸው ያለቀው ድምርና ጠቅላላው ድምር ለየብቻቸው ናቸው፤ ማካፈሉ ኤፒኩ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል። የስቶሪውን ግምት እና የንዑስ ታስኮቹን ግምት አብሮ መደመርም ያንኑ ሥራ ሁለት ጊዜ መቁጠር ስለሆነ፣ ከሁለቱ ደረጃዎች አንዱን መርጠው በዚያ ይጽኑ።

ከሁሉ በላይ ግን እኔ የማተኩረው ወደ 73 ባወረዱት ሁለት ታስኮች ላይ ነው። አዲስ የተጠየቀ ሥራ ናቸው ወይስ ከነበረው ታስክ ተከፍለው የወጡ? አዲስ ከሆኑ የሥራው ስፋት አድጓል፤ መቶኛው መውረዱም ትክክል ነው። ተከፍለው የወጡ ከሆኑ ግን የቀረው ሥራ በምንም አልጨመረም፤ የቀድሞው ታስክ ግምት በቁራጮቹ መካከል መከፋፈል ነበረበት፤ እንደነበረ ከቀረና ቁራጮቹም የራሳቸውን ግምት ከያዙ 56 የሚለው ድምር ራሱ ተጋኗል ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት የታስኮቹን የለውጥ ታሪክ ከፍተው፣ ከማን ጥያቄ እንደመጡና በምን ቀን እንደተፈጠሩ በማየት ነው። ጅማሬው ላይ የነበረውን ድምር በቀኑ መዝግቦ ማስቀመጥ ይህን ማጣራት እጅግ ያቀልለዋል።

አዲስ ሥራ ሆነው ከተገኙ፣ ለሥራ አስኪያጅዎ በአንድ መቶኛ ፈንታ እንዲህ ብለው ቢያቀርቡ እመርጣለሁ፦ 20 ፖይንት አልቋል፣ 36 ይቀራል፣ ከ36ቱ 10ሩ ሥራው ከተጀመረ በኋላ የተጨመረ ነው። በመሥራት ላይ ላለ ታስክ ግማሽ ነጥብ አይስጡ፤ እስኪዘጋ ድረስ ዜሮ ይሁን፤ አለዚያ ለሳምንታት «ሊያልቅ ነው» የሚባል ሥራ ድምሩን ያሳብጠዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተንቀሳቀሱትን አራት ታስኮች ደግሞ በስማቸው ጠርተው፣ እያንዳንዱ ማንን እንደሚጠብቅ ከጎኑ ይጻፉ። ለምሳሌ አንዱ የባንኩን የሙከራ ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የእርስዎ ቡድን ምንም ያህል ቢተጋ ያ ታስክ ፈቃዱ ሳይመጣ አይዘጋም፤ ሥራ አስኪያጅዎም ሊረዱዎት የሚችሉት ባንኩ ጋ ደውለው ነው።