ባንክ ራሱ ሲሸጥና ፍርድ ቤት ሲያሸጥ፦ ስለ ቤት መያዣ ጥያቄና መልስ

ከደሴ፦ ጋሼ፣ ባንኩ ሳይከሰኝ ቤቴን በሐራጅ አወጣለሁ ብሎ ደብዳቤ ላከልኝ። ዳኛ ሳይፈርድ ይችላል?

ይችላል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3060 አበዳሪው በራሱ ፈቃድ ቤቱን እንዲወስድ ወይም ከሥርዓት ውጭ እንዲሸጥ የሚያደርግ ውል አይጸናም ይላል። አዋጅ 97/1990 ግን ለባንክ የተለየ መንገድ ከፈተ፤ ውላችሁ ላይ ከተጻፈ ባንኩ ፍርድ ሳይጠብቅ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውልህን አውጣና አንቀጹ መኖሩን እይ።

ባንኩ ግን እንዳሻው አይሸጥም። ለባለዕዳው ቢያንስ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ሽያጩም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱን የሐራጅ ደንብ መከተል አለበት። ይህን ጥሶ ቢጎዳህ ካሣ ይከፍላል።

ከኮምቦልቻ፦ 30 ቀኑ ጋዜጣ ላይ ከወጣበት ቀን ነው የሚቆጠረው፤ እኔ የማውቀው እንዲህ ነው።

ግማሹን ይዘኸዋል። የጋዜጣው ማስታወቂያ ለተጫራቾች ነው፣ የራሱም ጊዜ አለው። የባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ግን ሌላ ወረቀት ነው፤ የሚቆጠረውም ለእሱ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ነው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ ደብዳቤው በድሮ አድራሻ ይሄዳል፣ ወይም ያልታወቀ ሰው ይፈርምበታል። ደብዳቤ ሲመጣ የደረሰበትን ቀን ጽፈህ ፖስታውንም አስቀምጥ። አድራሻ ስትቀይርም ለባንኩ በጽሑፍ አሳውቅና ኮፒውን በማህተም ተቀበል።

ከደሴ (ያው ጠያቂ)፦ ከዚያ በኋላ ብከፍል ቤቴን እመልሳለሁ ወይስ አለፈ?

ሐራጁ ለአሸናፊው እስኪጸድቅ ድረስ ዕዳውን ከነወለዱና ከነሽያጩ ወጪ ካቀረብክ ሽያጩ ይቆማል። ያለፉትን ወራት ብቻ መክፈል ግን ባንኩ ካልተስማማ አይበቃም፤ አብዛኛው ውል አንድ ጊዜ ከተቋረጠ ሙሉ ዕዳው ይጠየቃል ይላልና። አንዴ ከጸደቀ በኋላ ገንዘብ ይዞ መምጣት ዋጋ የለውም። የሚቀርህ የሥርዓት ጥሰት ወይም ማጭበርበር ነበረ ብሎ መክሰስ ነው፣ በዚያ ምክንያት መጎዳትህንም ማስረዳት ይኖርብሃል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ዕዳህ ከነወለዱ 900,000 ብር፣ ወጪው 60,000፣ የሐራጁ መነሻ 2,400,000 ይሁን። ተጫራቹ አንድ አራተኛውን፣ 600,000 ብር፣ በሲፒኦ ያስይዛል፣ ካሸነፈ ቀሪውን በ15 ቀን ይከፍላል። በመነሻው ከተሸጠ 1,440,000 ብር ላንተ ይመለሳል። ተጫራች ጠፍቶ ሁለተኛው ሐራጅ በ1,600,000 ቢዘጋ ግን የምታገኘው 640,000 ብቻ ነው። በሁለተኛውም ሰው ካልመጣ ባንኩ በመጀመሪያው መነሻ ዋጋ ራሱ ሊወስደው ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምመርጥልህ ራስህ ገዢ ፈልገህ፣ ባንኩን አስማምተህ መሸጥን ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አትሳት። መጀመሪያ ባንኩ ዕዳውን በጽሑፍ ይንገርህ። ገዢው ዕዳውን በቀጥታ ለባንኩ ይክፈል፣ ባንኩ የዕገዳ ማንሻ ደብዳቤ ለመሬት ጽሕፈት ቤቱ ይጻፍ፣ ከዚያ ስም ዝውውሩ ይሂድ። ገዢው ገንዘቡን ላንተ ሰጥቶ ዕገዳው ሳይነሳ ከቀረ ቤቱን ከነዕዳው ይዞ ይቀራል። ብልጥ ገዢ ይህን ስለሚያውቅ አይስማማም።

ከሐይቅ፦ እኔ አልተበደርኩም፣ ለወንድሜ ብዬ ቤቴን አስያዝኩ። ደብዳቤው የመጣው ለእሱ ብቻ ነው። ሽያጩ ይፈርሳል?

እህቴ፣ እዚህ ላይ አፍ ሞልቼ አዎ አልልሽም። አዋጁ የሚያወራው ስለ ባለዕዳው ነው፤ አስያዡ ሌላ ሰው ሲሆን ተለይቶ ያልደረሰው ማስጠንቀቂያ ሽያጩን ያፈርሳል አያፈርስም የሚለው ያከራክራል። አሁን ግን ዝም አትበይ። ለባንኩ በጽሑፍ የዕዳውን መጠንና የሐራጁን ቀን ጠይቂ። ውሉ የሚለውን አድራሻም እዪው።

ከወልዲያ፦ እኔ ደግሞ የተበደርኩት ከሰው ነው። «ካልከፈልክ ቤቱ የኔ ነው» ተብሎ ተጽፎ ፈርሜአለሁ። 30 ቀን ይሰጠኛል?

ያንተው ሌላ ነው፤ 30 ቀኑ አይመለከትህም። ግለሰብ አበዳሪ ያንን ስልጣን የለውም፣ የፈረምክበት ቃልም አይጸናም። ከስሶ፣ አስፈርዶ፣ በአፈጻጸም ነው ቤቱ በፍርድ ቤት ሐራጅ የሚሸጠው። መያዣው በመሬት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ካልገባ ደግሞ ከሌሎች አበዳሪዎች ቅድሚያ አያገኝም። ይህ ግን ብድሩን አያስቀርም፣ ገንዘቡን ትከፍላለህ።

የምፈራልህ የፈረምከው የብድር ሳይሆን የሽያጭ ውል ከሆነ ነው፣ በተለይ ውክልና ከሰጠኸው። ያኔ «ብድር ነበር» ማለትን በጽሑፍ ማስረዳት ይከብዳል። ወረቀቱን አንብበው፣ «ሽጫለሁ» የሚል ቃል ካለበት ዛሬውኑ ውክልናውን ሻርና ጠበቃ ጋ ሂድ።